ከቦታው የለቀቀው ማን ነው? ስለ አንድ መሥሪያ ቤት እውነቱን የሚነግረንን ሰው በሊንክድኢን ስለ መፈለግ

ድሬዳዋ ላይ ለሥራ ፈላጊ ምሩቃን የተደረገ ንግግር ጽሑፍ

የተከበራችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ልታመለክቱበት ያሰባችሁትን መሥሪያ ቤት ውስጡን የሚያውቅ፣ ያወቀውንም ሳይደብቅ ሊነግራችሁ የሚችል ሰው በሊንክድኢን እንዴት ይገኛል? አብዛኞቻችሁ ይህን ገጽ የምታውቁት የሥራ ማስታወቂያ እንደሚለጠፍበት ሰሌዳ ነው። እኔ ግን በትራንዚት ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት፣ በኋላም ሠራተኛ ቅጥር ላይ በተቀመጥኩባቸው ጊዜያት ከማስታወቂያው ይልቅ የጠቀመኝ ሌላ ነገር ነው፤ ሰዎች የት፣ በምን የሥራ መደብ፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደሠሩ በራሳቸው እጅ ጽፈው ማስቀመጣቸው ነው። ይህን ታሪክ በትዕግሥት የሚያነብ ሰው ማስታወቂያው የማይናገረውን ነገር ሊደርስበት ይችላል።

ነገሩን በአንዲት እህታችን ጉዳይ ላስረዳ። ስሟንም የድርጅቱንም ስም አልጠራም፤ ታሪኳን ለመናገር ግን ፈቅዳልኛለች። በሎጂስቲክስ ተመርቃ ሐረር ውስጥ አንድ ዓመት በመጋዘን መዝገብ ሥራ ከቆየች በኋላ፣ ዕቃ በጂቡቲ በኩል የሚያስገባ አንድ የግል ድርጅት ድሬዳዋ ላይ ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስለቅቅ ትራንዚተር እንደሚፈልግ የሚገልጽ ማስታወቂያ አየች። ደመወዙ ከገበያው ከፍ ያለ ነበር። እኔ ዘንድ የመጣችው ማመልከቻዋን እንዳርምላት ነበር፤ እኔ ግን ከማመልከቻው በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቅኋት። ከአንቺ በፊት በዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠው ማን ነበር? አላወቀችም። ያንኑ ምሽት አብረን ፍለጋ ጀመርን።

የመጀመሪያው እርምጃ የድርጅቱን ገጽ ከፍቶ People የሚለውን መጫን ነው። እዚያ ድርጅቱን የሥራ ቦታዬ ነው ብለው የመዘገቡ ሰዎች ይደረደራሉ፤ በላዩም የት እንደሚኖሩ፣ የት እንደተማሩና በምን ዘርፍ እንደሚሠሩ የሚያሳዩ መለያዎች አሉ። አንዱን መለያ ስትነኩት ዝርዝሩ ይጠባል። እኛ ድሬዳዋን ስንመርጥ ከስድሳ ገደማ ሰዎች አሥራ አንድ ቀሩልን። ይህ ቁጥር ግን የድርጅቱ ስፋት መለኪያ ተደርጎ እንዳይወሰድ አደራ። ሾፌሩ፣ ጫኝ አውራጁና ጥበቃው በአብዛኛው ሊንክድኢን ላይ የሉም፤ ያለው የቢሮ ሰው ነው፣ ከቢሮ ሰውም ቢሆን ሌላ ሥራ ማግኘት የሚፈልገው ይበዛል። ስለዚህ የምናየው የመሥሪያ ቤቱን አንድ ክፍል ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ በእኛ አገር የድርጅት ስም በብዙ ዓይነት አጻጻፍ ይገባል። አንዱ PLC ብሎ ይጨምራል፣ ሌላው ነጥብ በየመሐሉ ያስገባል፣ ሦስተኛው ስሙን አሳጥሮ ይጽፈዋል። ከድርጅቱ ገጽ ጋር ያልተያያዘ አጻጻፍ ያለው ሰው በዚያ ዝርዝር ውስጥ አይመጣም። የከተማችንም ስም Dire Dawa፣ Diredawa ወይም Dire-Dawa ሆኖ ይጻፋል፤ ድሬዳዋ እየሠራ አዲስ አበባ ወይም ኢትዮጵያ ብቻ ብሎ የሚያልፍም ጥቂት አይደለም። ስለዚህ በገጹ ዝርዝር ብቻ ሳንረካ በሰዎች መፈለጊያው ላይ የተለያዩትን አጻጻፎች አንድ በአንድ መሞከር ያስፈልጋል። ነፃ አካውንት ያለው ሰው በአንድ ወር ውስጥ ብዙ ፍለጋ ካደረገ ገጹ ያግደዋል፤ እገዳው የሚነሳው በሚቀጥለው የፈረንጆች ወር መጀመሪያ ላይ ነው። ያን ጊዜ በጉግል በኩል እንዲህ ብሎ መፈለግ ይቻላል፤

```
site:linkedin.com/in "Dire Dawa" "transit officer"
```

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ልምጣ። ብዙ ሰው ፍለጋውን የሚያቆመው አሁን በሥራ ላይ ባሉት ሠራተኞች ነው። ከዚያም ለአንዱ ይጽፍለታል፤ መልስ ያጣል፣ ወይም “ጥሩ መሥሪያ ቤት ነው፣ አመልክት” የሚል አጭር ቃል ያገኛል። ይህ ሊያስቀይመን አይገባም። ያ ሰው እንጀራው እዚያ ነው፤ የጻፈው ነገር በስክሪን ቅጂ አለቃው እጅ ሊገባ እንደሚችል ያውቃል፣ ስለዚህ ጎመን በጤና ማለቱ ትክክል ነው። የሰው ኃይል ክፍሉ ባልደረባም የሚነግራችሁ ማስታወቂያው ላይ ያለውን ነው፤ ሥራው ስለሆነ። በነፃነት ሊናገር የሚችለው ያንኑ ሥራ ሠርቶ የለቀቀው ሰው ነው። እሱን ለማግኘት በሰዎች ፍለጋ ውስጥ All filters የሚለውን ከፍቶ Past company በሚለው ሥር የድርጅቱን ስም ማስገባት ነው። ከዚያ የሥራ መደቡን መጠሪያ በመፈለጊያው ላይ መጨመር ይቻላል።

እኛ እንዲህ ስናደርግ ዘጠኝ የለቀቁ ሰዎችን አገኘን። ከመካከላቸው ሦስቱ ትራንዚተር ሆነው ሠርተዋል። አንዱ አራት ወር፣ ሁለተኛው ሁለት ወር፣ ሦስተኛው አምስት ወር። በአንጻሩ ከዚያው ድርጅት የፋይናንስ ክፍል የለቀቁት ሁለት ሰዎች ስድስትና ሰባት ዓመት ቆይተዋል። ይህን ስናይ ችግር ካለ ያለው በመላው ድርጅት ሳይሆን በዚያ ክፍል ወይም በዚያ የሥራ መደብ ላይ ሊሆን እንደሚችል ጠረጠርን። ጥርጣሬ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። አጭር ቆይታ ብዙ ምክንያት ይኖረዋል፤ የኮንትራት ሥራ ሊሆን ይችላል፣ ሰውየው የተሻለ አግኝቶ ሊሆን ይችላል። ሁለት ወር የቆየውን ሰው በተመለከተ ደግሞ የሙከራ ጊዜ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀን እንደማይበልጥ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ላይ የሚቋረጥ ቅጥር ብዙ ጊዜ ከሙከራው ማብቂያ ጋር የተያያዘ ነው። ሦስት ሰው በተከታታይ ግማሽ ዓመት ሳይሞላው ከአንድ ወንበር ሲነሳ ግን መጠየቅ ግድ ይላል።

ዓመትን በሚመለከት ከሌላ አገር ሰው ይልቅ እኛን የሚያሳስተን አንድ ነገር አለ። ገጹ የሚጠይቀው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ከእኛ ሰው ግን ሳያስተውል በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሞላ አለ፣ ገጹም ዝም ብሎ ይቀበለዋል። እህታችን ከአገኘቻቸው አንዱ በድርጅቱ ከ2012 ጀምሮ እስካሁን እየሠራ ያለ ይመስል ነበር፤ እንደ ፈረንጆቹ ከቆጠርነው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቷል ማለት ነው። ወደ ታች ወርደን የትምህርቱን ቦታ ስናይ ግን ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ከ2001 እስከ 2004 ይላል። ዩኒቨርሲቲያችን ማስተማር የጀመረው በ1999 ዓ.ም.፣ ማለትም በፈረንጆቹ 2006 ገደማ ነው፤ በፈረንጆቹ 2001 ገና አልተከፈተም። እንግዲህ ሰውየው ዓመቶቹን ሁሉ የጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፣ የሥራ ቆይታውም በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያጥራል ማለት ነው። የአንድን ሰው የቆይታ ዘመን ከማመናችሁ በፊት እንዲህ ያለ የሚጋጭ ነገር ካለ ፈልጉ። “እስካሁን” የሚለውም ቢሆን ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ ለቅቆ ገጹን ያላደሰ ሰው ብዙ ነው። ምልክቱ ከዚያ በኋላ የጻፋቸውና ምስጋና የሰጠባቸው ነገሮች ሁሉ ስለ ሌላ ድርጅት መሆናቸው ነው።

አሁን ከዘጠኙ ማንን እንምረጥ? እኔ የማየው አራት ነገር ነው፤ ሥራው ከእኛው ሥራ ጋር አንድ መሆኑን፣ ከለቀቀ ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ ከለቀቀ በኋላ የት እንደሄደና ከእኛ ጋር የሚያገናኘው ነገር መኖሩን። ባለፈው ወር የለቀቀ ሰው ልቡ ገና አልበረደም፤ የቅሬታው ስሜት ከመረጃው ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል፣ ያልተከፈለ ሒሳብ ካለውም ዝም ማለት ይመርጣል። አምስት ዓመት የሆነው ደግሞ የሚነግረን ስለሌለ መሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያለው ይሻለኛል። ከለቀቀ በኋላ ወደ ተሻለ ቦታ የሄደ ሰው ቂም አይበዛበትም። ወደ ተፎካካሪ የሄደው ግን አንዳንዴ የቀድሞ ቤቱን ማጣጣል ይቀናዋል፤ አድማጩ ይህን ማወቅ አለበት። በዚህ መሠረት አራት ወር ሠርቶ ከለቀቀ አሥራ አራት ወር የሆነውን፣ አሁን ጂቡቲ የመርከብ ወኪል ዘንድ የሚሠራውን ሰው መረጥን። የእህታችን ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ነበር።

ገጹን ስትከፍቱ ባለቤቱ ስማችሁን ማየት እንደሚችል እወቁ። ይህን የማትፈልጉ ከሆነ በቅንብር ውስጥ Profile viewing options የሚለው ጋ ሄዳችሁ ራሳችሁን ስውር ማድረግ ትችላላችሁ፤ በምትኩ በነፃ አካውንት የእናንተን ገጽ ያየውን ሰው እናንተም አታዩም። እኔ ለአለቆች ስውር ሆኜ፣ ልጽፍለት ላሰብኩት ሰው ግን በስሜ ገብቼ ማየትን እመርጣለሁ፤ መልእክቴ ሲደርሰው ማን እንደሆንኩ አስቀድሞ አይቶ ይጠብቀኛልና።

በመጻፍ ላይ አንድ የራሴን ስሕተት ልናገር። ከዓመታት በፊት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ለመዛወር ሳስብ በአንድ ሳምንት ለስድስት ሠራተኞች አንድ ዓይነት መልእክት ላክሁ። ስድስቱ የሚቀመጡት በአንድ ክፍል ውስጥ ነበር። ምሳ ላይ አንዱ ለሌላው ሲያሳየው የሁሉም አንድ ሆኖ ተገኘ፤ ለቃለ መጠይቅ ስገባ የክፍሉ ኃላፊ መልእክቴን በቃሉ ይዞት ነበር። ድሬ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከከዚራ የተነሳ ወሬ ሳቢያን እስኪደርስ አይመሽበትም። ከአንድ ክፍል በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ አትጻፉ። የጋራ ወዳጅ እንዲያገናኛችሁ ስትጠይቁም ያ ወዳጅ ለኃላፊው ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ አስቀድማችሁ መርምሩ።

የመተዋወቂያ ጥያቄ ላይ ማስታወሻ መጨመር ይቻላል፤ ነፃ አካውንት ላለው ሰው ግን ከ200 ፊደል አይበልጥም፣ በወር የሚፈቀደውም ቁጥሩ ጥቂት ነው። ስለዚህ በቁጠባ ለተመረጠ ሰው ብቻ ይላካል። እኛ ድሬዎች አንቱታ ብዙም አይሆንልንም፤ በገበያም በቢሮም አንተና አንቺ ተባብለን እንግባባለን። ለማናውቀው ሰው በጽሑፍ ስንቀርብ ግን እርስዎ ማለቱ ይሻላል፤ ሰውየው ራሱ “አንተ በለኝ” ይላል። እህታችን የላከችው ይህን ነበር፦

“ጤና ይስጥልኝ። እኔም የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነኝ። እርስዎ በሠሩበት የትራንዚት ክፍል ላመለክት ነው። ስለ ዕለት ሥራው ሦስት ጥያቄ በስልክ 10 ደቂቃ ልጠይቅዎ? ስምዎን ለማንም አልጠቅስም።”

በዚህ ውስጥ “ሥራ አስገቡኝ” የሚል የለም። ስለ ድርጅቱ መጥፎ ነገር እንዲነገራትም አልጋበዘችም። በጽሑፍ እንዲመልስላትም አልጠየቀችም፤ ሰው በስልክ የሚናገረውን ያህል በጽሑፍ አይናገርም፣ የጻፈው ይቀራልና። በአራተኛው ቀን መልሱ መጣ፤ ለአርብ ምሽት ተቀጣጠሩ።

ጥያቄ አጠያየቅ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። “ድርጅቱ እንዴት ነው?” ብትሉት “ደህና ነው” ይላችኋል። “አለቃው ክፉ ነው ወይ?” ብትሉት ሐሜት ውስጥ መግባት የማይፈልግ ጨዋ ሰው ይሸሻችኋል፣ ሆድ የባሰው ደግሞ ከሚገባው በላይ ይነግራችኋል። የሚሻለው በቀንና በተግባር የሚመለስ ጥያቄ ነው። ደመወዝ በወሩ ስንተኛ ቀን ይገባ ነበር? እርስዎ በነበሩበት ጊዜ ዘግይቶ ያውቃል? አንድ ኮንቴይነር ጂቡቲ ከደረሰ ጀምሮ እስኪወጣ ድረስ እርስዎ በየቀኑ የሚሠሩት ምን ነበር? ከእርስዎ በፊት የነበረው ሰው ምን ያህል ቆየ? እንዲህ ሲጠየቅ ሰው የሚያስታውሰውን ይናገራል፤ ፍርዱን ለእናንተ ይተውላችኋል። የደንበኛ ስም፣ የዋጋ ስምምነት፣ የድርጅቱ ምስጢር የሆነ ነገር ግን አይጠየቅም፤ ተጠያቂውንም ጠያቂውንም ችግር ላይ ይጥላልና።

አርብ ምሽት የተባለው ጥሪ ዐሥር ደቂቃ ተብሎ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ሰውየው የኮንቴይነሩን ጉዞ ሲያስረዳ ነገሩ ራሱ ወጣ። ለጉምሩክ የሚቀርበው ዲክላራሲዮን ተዘጋጅቶ ቀረጡ እንዲከፈል ለፋይናንስ ክፍል ይላካል፤ ፋይናንስ ክፍሉ ገንዘቡን ለመልቀቅ አንዳንዴ ሳምንት ያልፈዋል። በዚህ መሐል ኮንቴይነሩን ያለ ክፍያ ማቆየት የሚቻልባቸው የነፃ ቀናት አልቀው የመርከብ ድርጅቱ የኮንቴይነር ማቆያ ክፍያ፣ እኛ ዲመሬጅ የምንለው፣ በዶላር መቁጠር ይጀምራል። መዘግየቱ የመጣው ከክፍያ ሆኖ ሳለ ወጪው ከፊሉ ከትራንዚተሩ ደመወዝ ይቆረጥ ነበር፤ ሲቀጠሩ በፈረሙት ውል ላይ ለዚህ የተስማሙበት አንቀጽ አለ። ሕጉ ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ቅናሽ እንዲደረግ ይፈቅዳል፣ ከወር ደመወዙ ከሲሶ እንዳይበልጥ ብቻ ይወስናል። ከገበያው ከፍ ያለው ደመወዝ ምስጢሩ ይኸው ነበር።

አንድ ምስክር ግን አይበቃም። ሁለተኛው ሰው ከመጀመሪያው ጋር የማይተዋወቅ፣ በሌላ ጊዜ የሠራና ሌላ ሥራ የነበረው ቢሆን ይመረጣል። እህታችን ያገኘችው ሦስት ዓመት በሰነድ ክፍል ሠርታ በቅርቡ የለቀቀችን ሴት ነው። የክፍያው መዘግየት እውነት መሆኑን አረጋገጠችላት። ነገር ግን የትራንዚት ክፍሉ ኃላፊ ከአምስት ወር በፊት እንደተቀየረና ከዚያ ወዲህ ከማንም ደመወዝ ሲቆረጥ እንዳላየች ጨመረች። ይህንንም በገጹ ላይ ማጣራት ይቻል ነበር። የቀድሞውን ኃላፊ ገጽ ስናይ በተባለው ወር ሌላ ድርጅት ውስጥ ሥራ መጀመሩ ተጽፏል። ከለቀቀ ሰው ቅሬታ ስትሰሙ ቅሬታው የተነሳበት ሰው አሁንም እዚያ መኖሩን ማየት አትርሱ፤ አለበለዚያ የትናንቱን መሥሪያ ቤት በዛሬው ትፈርዱበታላችሁ።

ሊንክድኢን ላይ የማይገኝ ሦስተኛ ምስክርም አለ። ያ ድርጅት ጭነት የሚሰጣቸው የከባድ መኪና ባለቤቶች ናቸው። እነሱ ሒሳባቸው በስንት ቀን እንደሚከፈላቸው በትክክል ያውቃሉ፤ ለመኪና ባለቤት የሚዘገይ ድርጅት ለቀረጥም ይዘገያል። አንድ ዘመዳችን ጠይቆ ክፍያው ከሁለት ወር ወደ አንድ ወር መሻሻሉን ነገረን።

እህታችን አመለከተች፣ ተጠራች። በቃለ መጠይቁ ላይ ማንንም ሳትጠቅስ፣ የሰማችውንም ሳታወራ፣ “ኮንቴይነር ዘግይቶ ዲመሬጅ ቢመጣ ወጪው በማን ይያዛል?” ብላ ጠየቀች። ለትራንዚተርነት የሚያመለክት ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባ የሙያ ጥያቄ ስለሆነ ማንም አልተገረመም። አዲሱ ኃላፊ ድርጅቱ እንደሚሸከመው መለሰላት። ከመፈረሟ በፊት ውሉን ይዛ ወደ ቤት ገብታ ስታነበው ግን አሮጌው አንቀጽ እንዳለ ተቀምጧል፤ ያደረጉት ተግባሩን ማቆም ብቻ ነው፣ ጽሑፉን አላነሱትም። ተመልሳ ሄዳ ጥፋቱ የራሷ መሆኑ በማስረጃ ሲረጋገጥ ብቻ እንድትጠየቅ አንቀጹ እንዲስተካከል ጠየቀች። ሁለት ቀን አስጠብቀው አስተካክለው ጻፉላት። አሁን በዚያ ወንበር ላይ አንድ ዓመት ከስምንት ወሯ ነው፤ ባለፈው ወር ደግሞ ለክፍሉ ያመለከተ አንድ ልጅ ስለ ሥራው ሦስት ነገር ሊጠይቃት ጽፎላት ነበር።